በሻሽ ጫፍ የተቋጠረች ነሐስ

የአያትየዋ ሳጥን የተከፈተው ሐዘኑ በረድ፣ የለቀስተኛውም እግር ቀነስ ካለ በኋላ ነው። ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ ባለ አሮጌ ቤት፣ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅና አክስቷ የቆርቆሮውን ሳጥን ወደ መሐል ጎትተው ተቀመጡ። ከላይ የክት ቀሚስ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ በላስቲክ የተጠቀለሉ የቤት ካርታና የግብር ደረሰኞች፣ ያረጀ የኩል ዕቃ፣ እንዲሁም መቀመጫ ያጣ ሰንደል። ከታች፣ ከሁሉም በታች፣ ቀለሙ የለቀቀ ሻሽ ተጣጥፎ ተቀምጧል። የሻሹ አንድ ጫፍ ተቋጥሯል። ሴቶቻችን ገንዘብ የሚቋጥሩት እንዲያ ነው፤ ቋጠሮው ግን ከመክረሙ የተነሳ በጣት አልፈታ ብሎ በመርፌ ተፈታ።

ውስጡ ሁለት ነገር ተገኘ። አንዱ የጃንሆይ ምስል ያለበት፣ 1936 የሚል የአንድ ሳንቲም መዳብ ነው፤ እሱን አክስትየዋ ወዲያው ለየችው። ሌላው ከትንሽ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ፣ ክቡ ያልተስተካከለ፣ ዳር ላይ ቀዳዳ ያለው ቢጫ ብረት ነው።

«አክስቴ፣ ይሄስ?»

«የቀሚስ ጌጥ ይሆናል። ወዲያ አስቀምጪው።»

አጎቷ ማታ ሲመጣ ደግሞ ሌላ አለ። ከጥይት ቀለህ የተቆረጠ ነው ብሎ ወሰነ፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ጥርጣሬ ገባውና «ወርቅ እንዳይሆን ብቻ» አለ። አክስትየዋ ይህን ስትሰማ ሎሚና አመድ ልታመጣ ተነሣች። ልጅቱ እቃውን በመዳፏ ይዛ ወደ ኋላ ሸሸች። በኋላ እንደነገረችኝ የሸሸችው፣ ያን ጊዜ ስለ ነሐስ የምታውቀው ነገር ኖሯት ሳይሆን፣ በጭቃው ሥር የፊደል ጭረት የሚመስል ነገር አይታ ስለነበር ነው።

ሎሚው ባለመምጣቱ ብዙ ነገር ተረፈ። ነሐስ፣ ይኸኛው ቢጫው ማለቴ ነው፣ መዳብና ዚንክ የተቀላቀለበት ነው። አሲድ ሲነካው ቀድሞ የሚሸሸው ዚንኩ ነው፤ የሚቀረው ደግሞ መዳብ ብቻ ስለሚሆን ፊቱ ቀላ ብሎ፣ ነጠብጣብ ይዞ ይወጣል። አመዱ በበኩሉ ይፍቃል። ወፍራም የቡና ትሪ ላይ ይህ ጉዳት ላይታወቅ ይችላል። ከአንድ ግራም በማይሞላ ቁራጭ ላይ ያለ ጽሑፍ ግን ከፍታው የፀጉር ያህል እንኳ አይሆንም፤ አንድ ጊዜ ጥሩ አድርጎ ማሸት ፊደሉን ይዞት ይሄዳል። አሮጌ ሳንቲም አጥቦ አብረቅርቆ ያመጣ ሰው ሁሉ ዋጋውን የጨመረ ይመስለዋል፤ የሚያውቁ ሰብሳቢዎች ግን እንዲህ የታጠበውን ገና ሲያዩት ወደ ጎን ያደርጉታል። ልጅቱ ያደረገችው በንጹሕ ውኃ ማራስ፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ሳይጫኑ ማስኬድ፣ ከፊደሉ ጥግ ያለውን አፈር በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ቀስ ብሎ ማንሣት ብቻ ነበር። በመርፌ ቢሆን ኖሮ አዲስ ጭረት ይጨምርባት ነበር።

በማግስቱ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ሄዱ። ወርቅ ሠሪው መጀመሪያ ያነሣው ጥቁሩን የመፈተሻ ድንጋይ ነው። ብረቱን ድንጋዩ ላይ አስምሮ በመሥመሩ ላይ አሲድ ጠብ ያደርግና ወርቅ መሆን አለመሆኑን ይለያል። ልጅቱ መፋቁን አልፈቀደችም። ሰውየውም ሳይቀየም ሌላ መንገድ አሳያት፤ እኔ በበኩሌ ይህ መንገድ ከድንጋዩ ይበልጥ ይጥመኛል።

ሚዛኑ የግራምን መቶኛ ያነባል። መጀመሪያ ቁራጯን ብቻዋን መዘናት፤ 0.60 ግራም ሆነች። ቀጥሎ በትንሽ ኩባያ ውኃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጦ ቁጥሩን ወደ ዜሮ መለሰው። ቁራጯን በቀዳዳዋ ክር አስገብቶ፣ ክሩን በእጁ ይዞ፣ የኩባያውን ወለልም ግድግዳም ሳትነካ ውኃው ውስጥ አንጠለጠላት። ሚዛኑ 0.07 አሳየ። ይህ ቁጥር ቁራጯ ገፍታ የያዘችው ቦታ የሚሞላው ውኃ ክብደት ነው። 0.60 ለ0.07 ሲካፈል 8.6 ገደማ ይመጣል፤ ይኸውም ብረቱ ከውኃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ይነግራል። ነሐስ እዚያው አካባቢ ነው።

ወርቅ ሠሪው እዚህ ላይ አላቆመም። ሚዛኑ በአንድ መቶኛ ቢሳሳትስ? 0.07 የተባለው በእርግጥ 0.06 ወይም 0.08 ቢሆን፣ ውጤቱ ከ7.5 እስከ 10 ሊዋዥቅ ነው። ስለዚህ ይህ ፈተና ነሐስን ከመዳብ አይለይም። ወርቅን ግን በደንብ ይለያል፤ ሃያ ሁለት ካራት ወርቅ ይህን ያህል ቢመዝን ኖሮ ውኃው ውስጥ ሚዛኑ የሚያሳየው 0.03 ገደማ ብቻ ነበር። የቀረውን ዐይን ይጨርሰዋል፤ መዳብ ቀይ ነው፣ ይህቺ ቢጫ ናት። ሁለት ነገር ብቻ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ቀዳዳው ላይ የአየር አረፋ ተጣብቆ ከቀረ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ቁራጯ ወለሉን ከነካች ደግሞ ሚዛኑ ሙሉ ክብደቷን ያነባል። እነሱም መጀመሪያ 0.11 አንብበው ተደናግጠው ነበር፤ አረፋውን በክሩ ነቅነቅ አድርገው ሲያባርሩት ወደ 0.07 ወረደ።

አጎትየው ወርቅ አለመሆኑን ሲሰማ ነገሩን ተወው። ልጅቱ ግን ፊደሉ አልወጣላትም ነበር።

ላልተነበበ ሳንቲም የመጀመሪያው መሣሪያ ብርሃን ነው፤ ያውም ከላይ የሚወርድ ሳይሆን ከጎን የሚመጣ። ክፍሉን አጨለመች፤ ቁራጯን ጥቁር ጨርቅ ላይ አድርጋ የስልኳን መብራት ከጠረጴዛው ወለል ጋር ልክ አድርጋ አበራችባት። ብርሃኑ ጋደም ብሎ ሲመጣ፣ ከፍ ያለው ሁሉ ጥላ ይጥላል። መብራቱን ከአራቱም አቅጣጫ እያዞረች በሌላ ስልክ ፎቶ አነሣች። በአንዱ አቅጣጫ የማይታየው ጭረት በሌላው ብቅ ይላልና፣ አራቱን ፎቶ ጎን ለጎን ማየት ከአንድ ጥሩ ፎቶ ይሻላል።

በአንደኛው ገጽ የዐረብኛ ፊደል ወጣ። መምቻው ብረት ከቁራጯ ስለሚሰፋ ግማሹ ቃል ከዳር ተቆርጦ ቀርቷል። ይህ የብልሽት ምልክት አይደለም፤ በእጅ የተመታ ሳንቲም ባሕርይ ነው። ትንሿ የብረት ቁራጭ በሁለት የተቀረጹ ብረቶች መካከል ትቀመጥና በመዶሻ ትመታለች። መችው እጁ ትንሽ ቢንሸራተት ጽሑፉ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል፤ ስለዚህም ከአንድ ቅርጽ የወጡ ሁለት ሳንቲሞች እንኳ አንድ አይሆኑም። ክቡ ያልተስተካከለውም ከዚሁ የተነሳ ነው። በማሽን የተሠራ ቁልፍ ወይም የቀሚስ ጌጥ እንዲህ አይጣመምም። ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ አስመሳይ ደግሞ ዳሩ ላይ የመገጣጠሚያ መሥመር ይዞ ይገኛል፤ ፊደሉም ጥግ የሌለው፣ እንደ ሳሙና የሟሟ ይመስላል። እዚህኛው ላይ ፊደሉ ያለው ጥግ፣ ባለበት ቦታ፣ ስለታም ነው።

ልጅቱ መድረሳ የተማረች ናትና አንድ ነገር ሳይቸግራት አነበበች። ሃ፣ ከዚያ ሁለት ራ ተከታትለው። ሐረር።

አክስትየዋን ጠርታ አሳየቻት። «የከተማችን ስም ነው!» አለች። አክስትየዋም መነጽሯን አድርጋ ብዙ ቆይታ «የት አየሽው?» አለች፤ ፊደሉን አልለየችውም፤ ከጎን የመጣው ብርሃን ሲዞር ግን እሷም አየችው።

ሌላው ገጽ ቁጥር ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። በዐረብኛው አጻጻፍ ስምንት እንደ ቤት ጣሪያ ወደ ላይ የሾለ ነው፤ ሰባት ደግሞ ያው ጣሪያ ተገልብጦ ነው። ክብ ሳንቲም ላይ ላይና ታች የሚነግር ነገር ስለሌለ፣ ስምንትን ገልብጦ የያዘ ሰው ሰባት ያነባል። ልጅቱም አንዴ 1 እና 2 ያየች መሰላት፤ ሲገለበጥ ደግሞ በሰባት የሚጀምር ቁጥር ወጣ። መፍትሔው ቀላል ነው። ቁጥሩ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚጻፈው፤ የሂጅራ ዘመን አቆጣጠር ደግሞ ዛሬም ገና 1400ዎቹ ውስጥ ነው። አራት አሃዝ ያለውና በሰባት የሚጀምር ዓመት ሊኖር አይችልም። ዱላዋ አንድ በግራ እንድትሆን አድርጎ መያዝ ነው። እንዲያ ሲያዝ 1፣ 2፣ 4፣ 8 ይነበባል።

1248 ዓመተ ሂጅራ። የሂጅራው ዓመት የጨረቃ ስለሆነ ከፀሐዩ ዐሥራ አንድ ቀን ገደማ ያጥራል። በግምት ለመቀየር ቁጥሩን በ0.97 ማባዛትና 622 መደመር ይበቃል፤ 1832 ተኩል ገደማ ይመጣል። ይህ በአውሮፓውያኑ ሲሆን፣ በእኛ 1824 ወይም 1825 ዓ.ም. ነው። አፄ ቴዎድሮስ ገና የዐሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ ሳሉ ማለት ነው። ሐረር በዚያ ዘመን በራሷ አሚሮች የምትገዛ ከተማ ነበረች፤ የራሷንም ገንዘብ ታስመታ ነበር።

ይህች ቁራጭ መሐለቅ ናት።

ከኛ ቀድሞ እንዲህ ያለችውን ሳንቲም በእጁ ይዞ የመረመረ አንድ ሰው አለ። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1855 እ.ኤ.አ. ጥር ወር ሐረር ገብቶ ዐሥር ቀን ያህል ተቀምጧል፤ አሚሩ አሕመድ ነበሩ። በርተን በጉዞ መጽሐፉ ላይ፣ በከተማዋ የሚሠራው ብቸኛ ሳንቲም መሐለቅ የሚባል እጅግ ትንሽ የነሐስ ገንዘብ እንደሆነ፣ በእጅ እንደሚሠራና እንደማያምር፣ በአንዱ ፊት የሐረር ስም በሌላው ደግሞ ዓመት እንዳለው ጽፏል። የጠቀሰው ዓመት 1248 ነው። አሚሩም ሌላ ሳንቲም በከተማው የሚያዘዋውረውን ያለ ርኅራኄ ይቀጡ እንደነበር ይነግረናል። በርተን ስለ ሐረር ሰው የጻፈው ብዙው በንቀት የተሞላ ነው፤ ገበያና ገንዘብ ላይ ሲደርስ ግን ዐይኑ ንቁ ስለሆነ ጠቃሚ ምስክር ነው።

አሁን አንድ ነገር ልብ ይባል። በርተን ሐረር የገባው በ1271 ዓመተ ሂጅራ ነው። ሳንቲሙ ላይ ያየው ዓመት ግን ሃያ ሦስት ዓመት ያህል ወደ ኋላ የቀረ ነው። ታዲያ ያቺ መሐለቅ ያን ያህል ዘመን ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር ኖራ ነው? ወይስ መምቻ ብረቱ ላይ የተቀረጸው አሮጌ ዓመት ሳይለወጥ አዳዲስ ሳንቲም ሲመታበት ኖሯል? ሁለቱም ይቻላል። ሁለተኛው እንግዳ የሚመስለው ሰው የማሪያ ቴሬዛን ብር ያስታውስ። ንግሥቲቱ የሞቱበት 1780 ዓመት ታትሞበት በእኛ ገበያ ሁሉ የተዘዋወረው ብር፣ አብዛኛው የተመታው ከዚያ ዓመት እጅግ ዘግይቶ ነው፤ ነጋዴው የለመደውን መልክ እንጂ አዲሱን ስለማይቀበል ዓመቱን አልቀየሩትም። ስለዚህ ልጅቱ እጅ ያለችው መሐለቅ ላይ ያለው ቁጥር የሚናገረው ከመቼ ወዲህ እንደተመታች ነው፤ በዚያው ዓመት ተመታች ማለት አይደለም። በ1248 ተሠራች ብሎ ካርድ ላይ መጻፍ ስሕተት ባይሆንም ድፍረት ነው።

ወዲያኛው ጫፍስ? እሱን የሚሰጠን ታሪኩ ነው። በ1875 እ.ኤ.አ. ጥቅምት ላይ የግብፅ ጦር በራዑፍ ፓሻ መሪነት ሐረር ገባ፤ አሚር ሙሐመድም ተገደሉ፤ የአሚሮቹም መዶሻ ዝም አለ። ግብፆች በ1885 እ.ኤ.አ. ሲወጡ የመጡት አሚር አብዱላሂ እንደገና የራሳቸውን ሳንቲም አስመቱ፤ ያም ገንዘብ ሕዝቡን አደኸየ እንጂ አልጠቀመም። የእሳቸውም ዘመን አልጸናም፤ በ1879 ዓ.ም. በገና ሰሞን ጨለንቆ ላይ በንጉሥ ምኒልክ ጦር ተሸነፉና ከተማዋ ለራስ መኮንን ተሰጠች። የልጅቱ መሐለቅ ከግብፆቹ በፊት የነበረች ናት ብሎ መናገር ያስኬዳል፤ በ1832 እና በ1875 እ.ኤ.አ. መካከል። ለአንዲት ጥፍር ለምታክል ነገር ይህ ጥሩ ውጤት ነው።

ምን ትገዛ ነበር? ብቻዋን ብዙም አትገዛም። ሃያ ገደማ መሐለቅ አንድ አሽረፊ ይሆናል፤ አሽረፊ በበርተን ጊዜ በእጅ የሚያዝ ሳንቲም መሆኑ ቀርቶ መቁጠሪያ ስም ብቻ ነበር። ሦስት አሽረፊ ደግሞ አንድ የማሪያ ቴሬዛ ብር ነው። ስለዚህ አንዱን ትልቅ ብር ለመዘርዘር ስልሳ ያህል እንዲህ ያሉ ቁራጮች መቁጠር ያስፈልግ ነበር። ብሩ ግን ክብደቱ 28 ግራም የሆነ፣ ከስድስት እጅ አምስቱ ብር የሆነ የታወቀ ማዕድን ነው፤ ስልሳው መሐለቅ ደግሞ ሁሉም እንደዚህችኛዋ ቢመዝኑ ቢደመሩ 36 ግራም ነሐስ ናቸው። ነሐሱ በራሱ ያን ያህል አያወጣም። ዋጋ የሰጠው የአሚሩ ማኅተምና የአሚሩ ቅጣት ነው። አሚሩ ሌላ ሳንቲም የሚከለክሉት ለምን እንደሆነ ከዚህ ይገባል፤ እንዲህ ያለ ገንዘብ የሚሠራው አጥሩ እስካለ ድረስ ነው። ግንቡን ወጥቶ ወደ በርበራ መንገድ የጀመረ ነጋዴ ከመሐለቁ ይልቅ ብሩን፣ ከብሩም ጋር ጨርቁን ይዞ ይወጣል። አሚሮቹ ሲወድቁ መሐለቁ የወደቀው በአንድ ጊዜ ነው፤ ቀልጦ እንኳ ብዙ የሚረባ አይደለም።

አያትየዋ ሲያርፉ ሰማንያ ዓመት ገደማቸው ነበር። ይህች ሳንቲም ዳቦ መግዛት ካቆመች ግማሽ ምዕተ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው የተወለዱት። እሳቸው አልገዙባትም፤ እናታቸውም አልገዙባትም። ታዲያ ለምን ተቋጠረች?

ለዚህ ቀዳዳዋ ትንሽ ነገር ትናገራለች። ቀዳዳው የተበሳው ከሐረር ስም በላይ ካለው ባዶ ቦታ ነው፤ ክር ገብቶባት ብትንጠለጠል ስሙ ቀጥ ብሎ ይነበባል። የበሳት ሰው ላይና ታቹን ያውቅ ነበር ማለት ነው። የተበሳችው ከስሙ ወገን ሆኖ ምስማሩ ሲወጣ በቁጥሩ ወገን ከንፈር አበጅቷል። ያ ከንፈር አዲስ ቢሆን ጣት ይቧጥጥ ነበር፤ አሁን ግን ልስልስ ብሏል፤ በዚያ በኩል ጨርቅ ወይም ቆዳ ሲያሸው ኖሯል። ቀዳዳውም ራሱ ክብ አይደለም፤ ወደ ሳንቲሙ ዳር በኩል ትንሽ ተስቦ ሞላላ ሆኗል። ክር እንዲህ የሚበላው በአንድ ሰሞን አይደለም። ሰው ሳንቲም የሚበሳው ብዙ ጊዜ መግዣነቷ ካበቃ በኋላ ነውና፣ መሐለቋ ሁለተኛ ሥራ አግኝታ ነበር፤ አንገት ላይ፣ ወይም የልጅ ልብስ ላይ፣ ብዙ ዓመት።

ቁጥሩ ያለበት ወገን ከስሙ ወገን ይልቅ የደበዘዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዓመቱን መቶ ዓመት ያህል ሰውነት ሲያሸው ቆይቷል። እንዲያም ሆኖ አራቱም አሃዝ መነበባቸው ዕድል ነው።

ነገሩ ሲታወቅ አጎትየው ተመልሶ መጣ። አንድ ለቱሪስት ዕቃ የሚሸጥ ወዳጁ በጥሩ ዋጋ እንደሚወስዳት ነግሮት ነበር። እዚህ ላይ አክስትየዋ ጠነከረች፤ ሕጉም ከእሷ ጋር ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ግለሰብ ቅርስ በእጁ መያዝን አይከለክልም፤ ነገር ግን ማስመዝገብ ግዴታ ነው፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። ለቱሪስት የተሸጠች መሐለቅ በኪስ ገብታ በአውሮፕላን ትወጣለች፤ ከዚያ በኋላ ከየት ቤት፣ ከየትኛው ሻሽ ጫፍ እንደወጣች የሚያውቅ አይኖርም። የዚህ ዓይነቱ ሳንቲም አንዱን ከሌላው የሚያበልጠው መልኩ ሳይሆን ከየት እንደመጣ መታወቁ ነው።

ልጅቱ በደብተር ወረቀት ላይ ክብደቷን፣ ስፋቷን፣ የውኃውን ቁጥር፣ በሁለቱም ፊት የሚነበበውን፣ ከዳር የተቆረጠውን ፊደልና የቀዳዳውን አኳኋን ጻፈች። ከየት እንደተገኘችም ጨመረች፤ «የአያቴ ሳጥን፣ ሻሽ ጫፍ፣ ከ1936ቱ አንድ ሳንቲም ጋር» ብላ። ከዚያም አራቱን ፎቶ ይዛ በራስ መኮንን ቤት ወዳለው የሸሪፍ ሙዚየም ሄደች። እዚያ በመስታወት ሥር የሐረር አሮጌ ሳንቲሞች አሉ። ከፎቶዋ ጋር እያስተያየች የፈለገችው ዓመቱን አልነበረም፤ ሁለተኛው ራ ጅራት ላይ ያለች ትንሽ ስንጥቅ ነበረች። መምቻ ብረት ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ከዚያ በኋላ በተመቱት ሳንቲሞች ሁሉ ላይ ከፍ ያለ መሥመር ሆኖ ይወጣል፤ ያው መሥመር ያለበት ሌላ መሐለቅ ከተገኘ ሁለቱ ከአንድ ብረት የወጡ ናቸው። ስንጥቁ እየሰፋ ስለሚሄድም የትኛው ቀድሞ የትኛው ዘግይቶ እንደተመታ ይታወቃል።

ከመስታወቱ ሥር ካሉት እንዲህ ያለው መሥመር የታየባት አላገኘችም። ቤት ስትመለስ ለአክስቷ ነገረቻት። አክስትየዋ ቡና እየቆላች ነበር።

«የአያትሽ ታላቅ እኅት ቤትም እንዲህ ያለ ሳጥን አለ» አለች። «ቁልፉ ግን ጅማ ካለው ልጇ ጋር ነው።»